ጤፉ ገና ወፍጮ ቤት ነው፦ የአንድ ግጥም መዝጊያ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ወሬውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ጎረቤታቸው ያወራሉ። ሴትዮዋ ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስደው አስመዘኑ፣ መብራት ጠፋ፣ ለነገ ተቀጥረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ሌሊቱን አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ጤፉን ሊወስድ ሄደ። ሴቶቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ወራጅ አሉ። ልጁ ወፍጮ ቤት ደርሶ ምን እንዳጋጠመው አልሰማሁም። ግጥሙ መጨረሻ ያጣው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ስንኝ ሆነ። ቤቱ የወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፣ ሁለት ሁለቱ ስንኝ አንድ ቤት ይመታል። የምቆጥረው በጆሮ ነው፤ አናባቢ ያልያዘ ሳድስ ከፊቱ ካለው ጋር ይዋጣል።

ሐሙስ ጠዋት ሄዳ፣ ጤፉን አስመዘነች፤
ከነጠላዋ ጫፍ፣ አብሹን ፈትታ ያዘች።

መብራቱ ጠፋና፣ ወፍጮው ቀጥ አለባት፤
ባለወፍጮው ደግሞ፣ ለነገ ቀጠራት።

ዓርብን ሳታየው ግን፣ ሌሊቱን አለፈች፤
ድንኳን ተጣለላት፣ ቅዳሜ ተሸኘች።

ማክሰኞ ሄድኩና፣ ከደጃፉ ቆምኩኝ፤
የሐሙስ ጤፍ አለ፣ የእናቴ ነው አልኩኝ።

አብሹን ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም። ሴቶቹ አላነሡትም። እናቴ ጤፍ ስታስፈጭ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስለምትሄድ፣ እጄ ሳላዘው የጻፈው ይመስለኛል። እናቴ፣ ዕድሜ ይስጣት፣ በሕይወት አለች። ግጥሙን እስካሁን አላሳየኋትም።

ጥቅምት 6

የመጀመሪያው መዝጊያ ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መጣ። ሳልፈልገው፣ ተሰርቶ ያለቀለት ሆኖ።

ሰው ማለት ዱቄት ነው፣ ነፋስ የሚበትነው፤
ዛሬ ያለን ሁሉ፣ ነገ የማናየው።

ቀለሙ አይጎድልም፣ ቤቱ ይመታል፣ ወፍጮውና ዱቄቱም ከታሪኩ ጋር ይሄዳሉ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሙከራ አደረግሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ደረቀ ምንጭ የጻፍኩትን ግጥም አወጣሁና ይህንን ቤት መጨረሻው ላይ ለጠፍኩት። «ዱቄት» የሚለውን «አቧራ» ብቻ ነው ያልኩት። ልክክ አለ። ከዚያ በአንድ ወዳጄ ሠርግ ላይ ለቀልድ ከጻፍኩት ግጥም ኋላ አስገባሁት። እዚያ እንኳ፣ ትንሽ ጨለመ እንጂ፣ አላስቸገረም።

የትም የሚገጥም መዝጊያ የዚህ ግጥም አይደለም። ሴትዮዋን አያውቃትም፣ ሐሙስን አያውቅም፣ አብሹን አያውቅም። አወጣሁት።

ጥቅምት 7

እሷ ሞተች እንጂ፣ ጤፏ ተረፈልን፤
ያስመዘነችውን፣ እኛ ተቀበልን።

ይኼኛው አይሰብክም። ግን ስምንቱ ስንኝ የተናገረውን ነው የሚደግመው። በወረቀት ሸፍኜ አነበብኩ፤ ከታሪኩ የጎደለ ነገር የለም። ይህን ያህል ይበቃዋል።

ጥቅምት 11

አራት ቀን ሙሉ ኅብረ ቃል ስፈልግ ሰነበትኩ። ወፍጮ ቤት ለዚህ ሀብታም ቦታ ነው፤ መፍጨት አለ፣ መድቀቅ አለ፣ ሚዛን አለ፣ ወረፋ አለ። መጨረሻ ላይ «ተራ» በእጄ ገባች፤ የወፍጮ ተራም ናት፣ የሞት ተራም ናት።

ጤፏ ወረፋ ላይ፣ መብራት እስኪመለስ፤
የራሷ ተራ ግን፣ ቸኮለ ለመድረስ።

እውነቱን ልናገር፣ በዚህ ቤት ኮርቼበት ነበር። ማታ ሁለት ጓደኞቼ ቤት መጥተው ስለነበር ሙሉውን አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ አንደኛው «ይበል!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ሌላው ሳቀ። በሞተች ሴት ግጥም ላይ ሳቀ። ሰሙንና ወርቁን ስላገኘ ደስ ብሎት ነው፤ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ቡና ስንጠጣ ቆይቼ፣ «ሴትዮዋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ምን ነበር የቋጠረችው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም አላስታወሱም። አንደኛው «ብር?» አለ። «ተራ»ዋን ግን ሁለቱም በቃላቸው ይዘዋታል።

የቅኔ ተማሪ ይህን አይቀበለኝም ይሆናል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሰሚው ጆሮውን ቀስሮ የሚጠብቀው ወርቁ የሚፈታበትን ቃል ነው፣ ሲፈታም ሥራው ተፈጸመ። እዚያ ያምራል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁሉም ነገር ለዚያ ፍቺ የተሰለፈ ነው። የእኔ ስምንት ስንኝ ግን የተሰለፈው ለሌላ ነገር ነው። አንዲት ሴት ጤፍ ይዛ ትሄዳለች፣ መብራት ይጠፋል። ኅብረ ቃሉ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ እስከዚያ ድረስ የነበረችውን ሴት ለቃል ጨዋታ መንደርደሪያ አደረጋት። እሷ ሰም ሆነች ማለት ነው፤ ቀልጣ የምትፈስ። ይህን አልፈልግም።

ጥቅምት 12

ዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ግን ሦስቱም መዝጊያ የወደቀው በአንድ በኩል መሆኑ ገብቶኛል፤ ከሐሳቡ በፊት ቅርጹ ነው የሚሰብከው።

ምሳሌያዊ አነጋገራችንን ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ ብዙው ቤት ይመታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ውስጥ ብር እና ስር የሚጋጩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ቤት የመታ ነገር ያለቀለት፣ የማይከራከሩበት ይመስላል። በሕዝብ ዘፈን ደግሞ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ዛፍ ተናግሮ ቤቱን ያበጃል፣ ቁም ነገሩ በሁለተኛው ስንኝ ይመጣል። ጆሯችን በዚህ ነው ያደገው። ስለዚህ የወል ቤት የመጨረሻዋ ሁለተኛ ስንኝ ምንም ነገር ብጽፍባት ቁም ነገር ሆና ትሰማለች። «ትናንት ጫማ ገዛሁ» ብል እንኳ ስድስት ስድስት አድርጌ ቤት ካስመታሁት ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል።

እንግዲህ ስብከትን ከሐሳብ ማውጣት ብቻ አይበቃም። ከጆሮም መውጣት አለበት። እንዴት እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ጥቅምት 19

ምስል ሞከርኩ። ሁሉም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ አትናገር፣ አሳይ።

እጄን ሰደድኩበት፣ ዱቄቱ ቀዝቅዟል፤
ከወፍጮው ከወጣ፣ አራት ቀን አልፎታል።

ሁለት ቀን ወደድኩት። ከወፍጮ የወረደ ዱቄት እንደሚሞቅ የማያውቅ የለም፤ ስልቻው ውስጥ እጅ ሲሰዱበት ትኩስ ነው። ልጁ ሲደርስ ቀዝቅዟል። ጥሩ።

በሦስተኛው ቀን ጥርጣሬ ገባኝ። ቀዝቃዛው ዱቄት ምንድን ነው? የቀዘቀዘ ገላ ነው። ይህን ለማግኘት አንባቢ አንድ እርምጃ እንኳ መሄድ አያስፈልገውም። የጥቅምት 7ቱ «እሷ ሞተች እንጂ» ነው፣ ልብስ ቀይሮ የመጣ። ምስሉ ለግጥሙ አዲስ ነገር አላመጣለትም፤ የምናውቀውን ሞት ብቻ አንድ ጊዜ ደገመው። ምስል ማጠቃለያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በፊት በዚህ መልክ አላየሁትም ነበር። መለያውም ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ምስሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስፈታው «ማለትም ሞታለች» የሚል ብቻ ከወጣኝ፣ ማጠቃለያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ እጁን ዱቄት ውስጥ የሚሰደው ለማን ብሎ ነው? ጆንያ ሊሸከም የመጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። ለእኔ ሲል ነው ያደረገው፤ ግጥም እንድጽፍ።

ጥቅምት 23

መዝጊያ ባይኖረውስ? ስምንተኛው ስንኝ ላይ ዝም ብል? «የሐሙስ ጤፍ አለ፣ የእናቴ ነው አልኩኝ» ብዬ አቆምኩና ጮክ ብዬ አነበብኩ።

አልሆነም፣ ለምን እንዳልሆነ ግን ደስ ብሎኝ ነው የመረመርኩት። ማቆምና መጨረስ የተለያዩ ናቸው። ስምንተኛው ስንኝ ላይ ልጁ ተናግሯል፣ የሚያናግረው ሰው ግን አልመለሰለትም። አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ተናግሮ መልስ ሳያገኝ ግጥሙ ካለቀ፣ አንባቢ ጸሐፊው እንደደከመ ነው የሚያስበው። እውነትም ደክሞኛል።

ግን መልሱ የማን ነው? የባለወፍጮው። እስካሁን ድረስ በአምስት ዓይነት መዝጊያ ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ወይም ልጁ ነው፣ ያም እኔው ነኝ። ሁለታችንም መሞቷን እናውቃለን። አንባቢም ያውቃል። በዚህ ግጥም ውስጥ ምናልባት የማያውቅ ሰው አንድ አለ፣ እስካሁን ግን አፉን አላስከፈትኩትም።

ጥቅምት 25

አብሹን አልነካሁም፣ ራሷ ትምጣ ብዬ።

ይኼ ነው። ባለወፍጮው ነው የሚለው። አሁንም እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ስድስት ስድስት ሆኖ በአንድ ትንፋሽ መጣ። ስለ ሞት አያወራም። ስለ ሥራው ነው የሚያወራው። ከልጁ በሚበልጥ አላዋቂነት የሚያወራ ሰው ነው፣ ምንም ማስተማር አይችልም፤ የሚያስተምረውን ነገር ራሱ አልሰማም።

ቤት የምትመታለት ስንኝ ገና የለችም። ነገ።

ኅዳር 1

ግጥሙን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ወፍጮ ቤት ከእሷ በላይ የማምነው ሰው የለም፤ ደግሞ እስከ መቼ እደብቃታለሁ።

መጀመሪያ ያለችው፣ «ታዲያ ገደልከኛ!» ነው። «አንቺ አይደለሽም፣ እማዬ» አልኳት። «አብሹ የማን ነው ታዲያ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ሦስት ነገር ነገረችኝ፣ ሦስቱም ልክ ነበሩ።

አንደኛ፣ «ባለወፍጮ እኔን ‹ትምጣ› ይለኛል? ስድ ነው?» ልክ ናት። እድሜዋ የገፋ ሴት፣ ያውም በልጇ ፊት፣ «ትምጣ» አትባልም። እኔ ቀለም ስቆጥር አክብሮት ጠፍቶብኛል። «እሳቸው ይምጡ ብዬ» ብል ሰባት ይሆናል፣ ሐረጉ በአንድ ቀለም ይፈሳል። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ «እስኪመጡ ብዬ» ወጣ፤ እስ፣ ኪ፣ መ፣ ጡ፣ ብ፣ ዬ። ስድስት። ከፊተኛውም ይሻላል። «ራሷ ትምጣ» ውስጥ ትንሽ ትእዛዝ ነበረበት፤ «እስኪመጡ» ውስጥ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛ፣ «ጤፉ ከተፈጨ በኋላ አብሹን ምን ሊያደርገው ነው?» አብሽ ከጤፉ ጋር አብሮ ነው የሚፈጨው። ዱቄት ላይ ጥሬውን አብሽ አይነሰንሱበትም። የእኔ ባለወፍጮ ጤፉን ፈጭቶ አብሹን ለብቻው አስቀምጦ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለ ባለወፍጮ የለም። ስለዚህ ጤፉም መፈጨት የለበትም። «ጤፉን አልፈጨሁም፣ እስኪመጡ ብዬ።» ጤ፣ ፉን፣ አል፣ ፈ፣ ጨ፣ ሁም። ይኸውም ስድስት። አብሹ ከስንኙ ወጣ ማለት ነው፤ አዘንኩ፣ ግን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ደግሞስ እንዴት አልሰማም? ሠፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ከዕድር ጥሩንባ ቀድሞ የሚሰማው ወፍጮ ቤት ነው።» ዝም አልኩ። ይህ ከፈረሰ መዝጊያው ሁሉ ይፈርሳል።

ሁለታችንም ስናስብ ቆየን። በኋላ እሷው፣ «እትዬ እገሊት ኮንዶሚንየም ከደረሳት ወዲህ እንኳ እዚሁ ነው ስታስፈጭ የነበረው፣ ሁለት ታክሲ ይዛ» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እያወራች። ብዕሬን አነሣሁ።

ኅዳር 3

መዝጊያውን የምጠግነው ከላይ ሆኖ ነው። ይህን ከዚህ በፊት በሌሎች ግጥሞች ላይ በጨረፍታ አይቼዋለሁ፤ አሁን በደንብ አየሁት። የመጨረሻው ስንኝ ብዙ ማስረዳት ሲፈልግ ማስረጃውን አጠገቡ ብጽፈው ስብከት ይሆናል፣ ራቅ ብሎ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ተረስቶ ይቆይና በሰዓቱ ይነሣል። ግጥሙ አዲስ መግቢያ አገኘ፦

ኮንዶሚንየም ወጥታ፣ ወፍጮዋን አልተወች፤
ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ጤፏን ትወስዳለች።

አብሽ ከበዛበት፣ እንጀራው ይመራል፤
መጠኑን ከእሷ እጅ፣ ማን ደፍሮ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ቤት ባለወፍጮው ለምን እንዳልሰማ ይመልሳል፤ የምትኖረው ሌላ ሠፈር፣ የሞተችው ሌላ ሠፈር፣ ጥሩንባው የተነፋው ሌላ ሠፈር። ሁለተኛው ቤት ደግሞ ጤፉን ለምን እንዳልፈጨ ይመልሳል፤ አብሹን የምትመጥነው እሷ ናት። አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱንም የሚያያቸው የአንዲት ትንሽ አስቸጋሪ ሴት ጠባይ አድርጎ ነው፣ እንዲያውም ፈገግ ሊል ይችላል።

አንድ ትንሽ ቀዳዳ ቀረች። አብሹን ፈትታ የያዘችው እሷ ናት፤ ታዲያ እንዴት ወፍጮ ቤት ቀረ? «ባለወፍጮው ደግሞ» የምትለው ሐረግ ድሮም ምንም አትሠራም ነበር፤ ቀለም ለመሙላት የገባች ናት። «አብሹን ተቀብሎ፣ ለነገ ቀጠራት» ሆነች።

ኅዳር 8

የመጨረሻዋ ስንኝ አጋር ያስፈልጋታል። በ«ዬ» የሚመታ። የመጀመሪያው ሙከራ፦

ጤፍ ልወስድ መጣሁ፣ ልጃቸው ነኝ ብዬ፤
ጤፉን አልፈጨሁም፣ እስኪመጡ ብዬ።

«ብዬ»ን በ«ብዬ» መምታት ቤት መምታት አይባልም፤ ያው ቃል ነው የተደገመው። ያውም ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቃል ሲናገሩ ማን ምን እንዳለ ይምታታል። ከዚያ «ሆዬ» ሞከርኩ፣ «ጓዳዬ» ሞከርኩ፣ «ከአንገቴ ዘንበል ብዬ» ድረስ ሄድኩ። አንዱ ትክክል የሚሰማ ነበር። ስንኙን እዚህ አልጽፈውም፣ እንዳልመለስበት። ችግሩ ግን ትክክል መሰማቱ ነው። ቤቱ በመታ ቁጥር የባለወፍጮው ንግግር የራሱ መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል፤ ገጣሚው ከኋላው ቆሞ ቤት ሲያበጅለት ይሰማል። የጥቅምት 12ቱ ነገር ተመልሶ መጣ። ይህ ምስኪን ሰውዬ ሥራውን ነው የሚያወራው፣ ቅርጹ ግን ጠቢብ አደረገው።

ስለዚህ አጋር አይኑራት። ብቻዋን ትቁም። በዐሥራ ሁለት ቤት የመታ ስንኝ መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ያልመታ።

ኅዳር 15

በአንድ ትንሽ የግጥም ምሽት ላይ አነበብኩት። ሃያ ምናምን ሰው ነበር። «እስኪመጡ ብዬ» ብዬ አንገቴን ቀና ሳደርግ ሁሉም ያዩኛል። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው በቅንነት፣ «ቀጥል፣ አይዞህ» አለኝ። የረሳሁ መስሎታል።

ቤት ስመለስ ተናድጄ ነበር፣ በሰውዬው ግን አይደለም። ትክክል ነው የሰማው። የባለወፍጮው ስንኝ የመጣችው «የእናቴ ነው አልኩኝ» ካለው ቤት ቀጥሎ፣ ምንም ሳይለያት ነው። ማን እንደተናገረ እንኳ በጆሮ አይለይም። ሰሚው የቤቷን ሌላ ግማሽ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ ከመድረክ ወረድኩ። ብቻዋን የምትቆም ስንኝ ብቻዋን መሆኗ ሆን ተብሎ እንደሆነ እንዲሰማ፣ ከሷ በፊት ያለው ቤት በደንብ መዘጋት አለበት። በር እንደሚዘጋ፣ ግጥም ብሎ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሰው ከውጭ የሚያንኳኳው።

ሥራውን አቁሞ፣ ወደ እኔ ዞረ፤
አብሹን ከነፌስታል፣ ጆንያው ላይ አኖረ።

ጤፉን አልፈጨሁም፣ እስኪመጡ ብዬ።

አብሹም ቦታ አገኘ። «ሥራውን አቁሞ» ትንሽ ሥራ ትሠራለች፤ ወፍጮ ሲዞር ሰው አይደማመጥም፣ ሰውዬው ካልዘጋው ምን እንዳለ አይሰማም። «ዞረ» እና «አኖረ» ደግሞ ደረቅ፣ ተራ የሆነ ቤት ነው፣ ማንንም አያስገርምም፤ ያስፈለገኝም ይኸው ነው። ቆንጆ ቤት ቢመታ ኖሮ ሰሚው እዚያ ላይ ይረካና የመጨረሻዋን ስንኝ እንደ ትርፍ ይሰማት ነበር።

ኅዳር 18

ለእነዚያው ሁለት ጓደኞቼ በድጋሚ አነበብኩ። ጠረጴዛ አልተመታም። አንደኛው ትንሽ ቆይቶ፣ «ነገረው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልጁ። መሞቷን ነገረው?»

ሌላው «ምን ብሎ ይነግረዋል» አለውና እርስ በርሳቸው መከራከር ጀመሩ። እኔ አልገባሁበትም። ስለ አብሹ መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ «ፌስታሉን ይዞ ምን ሊል ነው» እያሉ ነበር የሚከራከሩት።

ኅዳር 22

ለአንድ መጽሔት ልኬው ነበር፤ ዛሬ መልስ መጣ። ወስደውታል፣ ግን «የመጨረሻው ስንኝ አጋር በስሕተት የቀረ ስለመሰለን ቢልኩልን» ይላል። በወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር መሆኑ ነው። ድምፅ ላይ በጸጥታ የማደርገውን ገጹ ላይ በባዶ ቦታ ማድረግ አለብኝ። እኔ የላክሁት ሁሉንም ስንኝ አያይዤ ነበር። አሁን በየቤቱ መካከል አንድ መስመር ክፍት፣ ከመጨረሻዋ ስንኝ በፊት ሁለት መስመር ክፍት አደረግሁ፤ ስንኟንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባኋት። አራት ነጥቡ አስቸገረኝ። ሳልጽፈው ብተው «ያላለቀ ነው» ብሎ መጮህ ይሆናል፤ ሦስት ነጥብ ባደርግበት ደግሞ አንባቢን ክርኑን መጎሸም ነው፣ «አየህ፣ አሳዛኝ ነው» እንደማለት። ሰውዬው ንግግሩን ጨርሷል። አራት ነጥብ ይገባዋል።

ማታ እናቴ ጋ ሄጄ የመጨረሻውን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች።

«ታዲያ ጤፉን አስፈጨው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ስንት ኪሎ ነበር?»

«ሃያ አምስት ልበል።»

«ለሃያ አምስት ኪሎ» አለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፋ አድርጋ እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿን ቀስ ብላ ሰበሰበቻቸው፣ ከዚያ አሰብ አድርጋ ትንሽ ላላ አደረገቻቸው። «ይኼን ያህል። ከዚህ እንዳይበልጥ በለው።»